ያ 16 በመቶ ናይትሮጅን የት ገባ?

የማስተርስ ጥናቴ የጤፍ ዱቄት ፕሮቲን ላይ ነበር። ዘዴው ኬልዳል ይባላል። ግማሽ ግራም ዱቄት በሰልፈሪክ አሲድ እስኪጠራ ይፈላል፣ ናይትሮጅኑ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። ከዚያ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮበት ሲሞቅ አሞኒያው ተንኖ ቦሪክ አሲድ ውስጥ ይገባል። የቀረው ሥራ የገባውን አሞኒያ በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቲትሬት አድርጎ መቁጠር ብቻ ነው።

ይቺ «ብቻ» ናት ጉድ ያደረገችኝ።

አሲዱን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። ጠርሙሱ ላይ 37% ይላል። ከፕሮቶኮሉ ውስጥ ትልቁ ነገር ዱቄቱን ማፍላቱ ስለመሰለኝ፣ አሲድ ማቅጠኑን እንደ ሻይ ማፍላት ነበር ያየሁት። ቡና ከመጠጣቴ በፊት ልጨርሰው ብዬ ደብተሬ ጥግ ላይ አሰላሁት። 37 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 37 ግራም፤ በአንድ ሊትር 370 ግራም። የአንድ ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክብደት 36.46 ግራም ነው። 370 ሲካፈል ለ36.46፣ 10.15 ሞላር። ስለዚህ 0.1 ሞላር የሆነ አንድ ሊትር ለመሥራት 9.9 ሚሊ ሊትር ገደማ ቀድቶ በውሃ አንድ ሊትር መሙላት። ጥሩ የመሰለ ስሌት ነው። አንብባችሁ ምንም ያልጎረበጣችሁ ካላችሁ፣ እኔም አልጎረበጠኝም ነበር።

ስህተቱን እዚሁ ልናገረውና ከዚያ እንዴት ዋጋ እንዳስከፈለኝ ልቀጥል። 37 በመቶው የክብደት በክብደት ነው። ከ100 ግራም ፈሳሽ ውስጥ 37 ግራሙ አሲድ ነው ማለት ነው እንጂ ከ100 ሚሊ ሊትር አይደለም። የዚህ ፈሳሽ 100 ሚሊ ሊትር ደግሞ 100 ግራም አይመዝንም፤ 119 ግራም ይመዝናል። የሚገርመው ይህ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። «1 L = 1.19 kg» ይላል፣ ከአደጋ ምልክቶቹ በታች በትንሽ ፊደል። አይቼዋለሁ። ለጭነት የተጻፈ ክብደት መስሎኝ አለፍኩት።

የናሙናዎቹ ውጤት ፕሮቲኑን 8.9 በመቶ አለ። ዝቅ ያለ ቢሆንም የማይታመን አይደለም፤ የጤፍ ዓይነት፣ መሬቱ፣ ማዳበሪያው ብዬ ለራሴ ምክንያት ደረደርኩለት። መጥፎው የዚህ ስህተት ጠባይ ይሄ ነው። ውጤቱ በአሥር እጥፍ ቢሳሳት ወዲያው ትነቃላችሁ። በ16 በመቶ ሲሳሳት ግን አሳማኝ መልክ ይዞ ይቀመጣል።

ያዳነኝ አማካሪዬ ናቸው። «ሪከቨሪ ሠርተሻል?» አሉኝ። ሪከቨሪ ማለት ናይትሮጅኑ ምን ያህል እንደሆነ በእርግጠኝነት የምታውቁትን ነገር በዚያው መሣሪያ አሳልፎ፣ ስንቱ ተመልሶ እንደሚገኝ ማየት ነው። አሞኒየም ሰልፌት ወሰድኩ። ከክብደቱ 21.2 በመቶው ናይትሮጅን ነው። 0.1 ግራም መዝኜ ዲስቲል ሳደርገው 15.1 ሚሊ ሊትር አሲድ መጠጣት ነበረበት። ቀለሙ በ12.7 ላይ ሮዝ ሆነ። 84 በመቶ።

ደገምኩት። 84.5። ደገምኩት። 83.9።

አሞኒያ ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መሣሪያው ማፍሰሱ ነው። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀዳዳ ፈለግሁ። የመስታወቱን መገጣጠሚያዎች ሁሉ ግሪስ ቀባሁ። የጎማ ቱቦውን ቀየርኩ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ አንሶ ይሆናል ብዬ ጨመርኩ። ዲስቲሌሽኑን ከአምስት ደቂቃ ወደ አሥር አሳደግሁ። ቦሪክ አሲዱን ደፍቼ አዲስ ሠራሁ። ምንም ባደርግ 84። አንድ ቀን ማታ ዘጠነኛውን ሪከቨሪ ጨርሼ 84.2 ሲል ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ።

አሁን ወደኋላ ሳየው ፍንጩ ፊቴ ላይ ነበር። የሚያፈስ መሣሪያ አንድ ቀን 91፣ በሌላው ቀን 78 ይሰጣል። ሌባ በየቀኑ እኩል ቆጥሮ አይሰርቅም። ውጤታችሁ የተሳሳተ ሆኖ ግን እየተደጋገመ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ከሆነ መሣሪያውን ከመፈታታታችሁ በፊት ለሁሉም ናሙና የጋራ የሆነውን ነገር ጠርጥሩ። በእኔ ዘንድ ለሁሉም የጋራ የነበረው ቡሬቱ ውስጥ ያለው አሲድ ነው።

ይህን የነገሩኝ የላቡ ቴክኒሺያን ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በማግስቱ ጠዋት ቱቦ ሊያበድሩኝ መጥተው ቡሬቱን አዩና፣
«ይሄን አሲድ ስታንዳርዳይዝ አድርገሽዋል?» አሉኝ።
«አስልቼ ነው የሠራሁት፣ ጋሼ።»
«ማስላቱንማ አስልተሻል። ለክተሽዋል ወይ ነው የምልሽ።»

አልለካሁትም። ጋሼ መደርደሪያ ከፍተው የሶዲየም ካርቦኔት ጠርሙስ ሰጡኝ። አንድ ማንኪያ ቀድቼ በ250 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት አደረቅሁት፤ እርጥበት ከያዘ የመዘንኩት ግራም ሁሉ ካርቦኔት አይሆንምና። ዴሲኬተር ውስጥ ሲቀዘቅዝ 0.2120 ግራም መዘንኩ፣ በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሟሁት፣ ብሮሞክሬሶል ግሪን ጠብ አደረግሁበት። ሰማያዊ ሆነ።

ቲትሬሽኑን ሳካሂድ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ሲያዘነብል ላቆም ስል ጋሼ «ቆይ፣ አፍዪው» አሉኝ። ፍላስኩን ማሞቂያው ላይ አስቀምጬ ሁለት ደቂቃ ሲፈላ አረንጓዴው ተመልሶ ሰማያዊ ሆነ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። ካርቦኔት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ውሃው ውስጥ ተሟሙቶ ራሱ ደካማ አሲድ ይሆንና መጨረሻው ሳይደርስ የደረሰ ያስመስላል። አፍልታችሁ ስታስወጡት እውነተኛው ቀለም ይመለሳል። አቀዝቅዤ ጥቂት ጠብታ ስጨምር አረንጓዴው በአንድ ጠብታ መጣና ቀረ። ቡሬቱ 33.7 ይላል።

ስሌቱን ጋሼ እያዩኝ ሠራሁ። የሶዲየም ካርቦኔት አንድ ሞል 105.99 ግራም ነው፤ 0.2120 ግራም ማለት 2 ሚሊ ሞል። አንዱ ካርቦኔት ሁለት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 4 ሚሊ ሞል። አሲዱ 0.1 ሞላር ቢሆን 40 ሚሊ ሊትር መፍጀት ነበረበት። የፈጀው 33.7 ነው። 4 ሲካፈል ለ33.7፣ 0.1187 ሞላር።

አሲዴ ከተባለው በላይ ጠንካራ ነበር። ጠንካራ ስለነበር ትንሽ ብቻ ፈሰሰ፤ ትንሽ ስለፈሰሰና እኔ በ0.1 ስላባዛሁት ናይትሮጅኑ ያነሰ መሰለ። 0.1 ለ0.1187 ሲካፈል 0.84። ሦስት ሳምንት ስታሳድደኝ የነበረችው ቁጥር።

ጋሼ ጠርሙሱን አንስተው ያቺን ትንሽ ፊደል በጣታቸው አሳዩኝ። 1 L = 1.19 kg። «ውሃ መስሎሽ ነው» አሉኝ። እውነትም። በክብደት የተነገረኝን መቶኛ በመጠን ስወስደው፣ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ይመዝናል ብዬ መገመቴ ነበር። ያ ደግሞ የውሃ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር ይኸውና። ፎርሙላ አትሸምድዱ፤ አንድ ሊትር ጠርሙስ በእጃችሁ እንደያዛችሁ አስቡ። መጀመሪያ ስንት ይመዝናል? ዴንሲቲው፣ በትምህርት ቤት አማርኛችን እፍጋቱ፣ 1.19 ስለሆነ 1190 ግራም። ከዚህ ውስጥ አሲዱ ስንት ነው? 37 በመቶው፣ ማለትም 440.3 ግራም። የቀረው ውሃ ነው። 440.3 ግራም ስንት ሞል ነው? ለ36.46 ሲካፈል 12.08። ሁሉም በአንድ ሊትር ውስጥ ስላለ ስቶኩ 12.08 ሞላር ነው። 0.1 ሞል የሚሰጠኝ መጠን ደግሞ 0.1 ለ12.08፣ ወደ 8.3 ሚሊ ሊትር።

ፎርሙላውን የግድ ካላችሁ ይሄው፦

```
M = 10 × d × % / MM
```

d ዴንሲቲው በግራም በሚሊ ሊትር ነው፣ % ንጽሕናው፣ MM የአንድ ሞል ክብደት። 10ሯ ከሰማይ አልወረደችም፤ ሊትሩ ያለው 1000 ሚሊ ሊትር ለመቶኛው 100 ሲካፈል ነው። ብዙ ሰው በዴንሲቲ ማባዛት ይሁን ማካፈል የሚምታታበት ፎርሙላውን ስለሸመደደ ነው። ጠርሙሱን ሚዛን ላይ በሐሳብ ካስቀመጣችሁት አይምታታባችሁም፤ ከባድ ፈሳሽ በአንድ ሊትር ውስጥ ብዙ አሲድ ይይዛል፣ ስለዚህ ሞላሪቲው ከፍ ይላል፣ የምትቀዱት ደግሞ ያንሳል።

ስለ ጥናቴ ደስ የሚለው ነገር፣ ያ የተሳሳተ አሲድ አልተደፋም ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ሩቡ ቀርቷል። እውነተኛ ቁጥሩን ስላወቅሁ በእሱ የተሠሩትን ናሙናዎች ሁሉ በ0.1187 መልሼ አሰላኋቸው። 8.9 የነበረው ፕሮቲን 10.6 ሆነ። ሪከቨሪውም ወደ 100 ተጠጋ። ከዚያ በፊት በሠራሁትና ባለቀው ጠርሙስ የተቆጠሩት 14 ናሙናዎች ግን ትክክለኛ ቁጥራቸውን የሚነግረኝ ነገር አልነበረም። በ0.1187 ላባዛቸው ፈተነኝ፤ ያኔም በ9.9 ሚሊ ሊትር ነው የሠራሁት። አማካሪዬ «ያኔ የቀዳሽበትን ቀን ሙቀት፣ የቀዳሽበትን ፒፔት ታስታውሻለሽ?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ደገምኳቸው። ስለዚህ ቲትሬት ያደረጋችሁበትን አሲድ ውጤቱ እስኪጸድቅ ድረስ አትድፉ። ከታች ትንሽ አስቀሩ።

አዲሱን ስሠራ ተረጋግቼ ነበር። ፊውም ሁዱን ከፍቼ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ። የ37 በመቶ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈት ነጭ ጭጋግ ይወጣል፤ ያ ጭጋግ የሚያመልጥ አሲድ ነው። ቮሉሜትሪክ ፍላስኩ ውስጥ አስቀድሜ ግማሽ ሊትር ገደማ ዲስቲልድ ውሃ ጨመርኩ። ከስቶኩ ትንሽ ወደ ቢከር ገለበጥኩና ከቢከሩ 8.3 ሚሊ ሊትር በጎማ መሳቢያ ቀዳሁ። ፒፔት ዋናው ጠርሙስ ውስጥ አይገባም፣ የተረፈውም ተመልሶ አይገለበጥም። አፍ የሚባለው ነገር ደግሞ ከነጭራሹ አይነሳ። አሲዱን ወደ ውሃው ለቀቅሁት፣ አወዛወዝኩት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ፣ የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች በጠብታ መሳቢያ ጨምሬ የውሃው ጉድጓድ ታች መስመሩን ሲነካ አቆምኩ። ከዚያ ክዳኑን ይዤ ሃያ ጊዜ ገለባበጥኩት። ይህን መገለባበጥ የሚዘሉ ሰዎች አሉ፤ ከላይ የቀዱትና ከታች የቀዱት ሲለያይባቸው ይገርማቸዋል።

አሁን ስሌቱ ትክክል ነው፣ ቅጂውም ንጹህ ነው። ካርቦኔቱን አምጥቼ ስለካው 0.0968 ሆነ።

ደንግጬ ጋሼ ዘንድ ሮጥኩ። ጋሼ አልደነቁም። በዚያ ቀን የቀዳሁት ከሌላ ጠርሙስ ነበር፤ ከተከፈተ ቆይቷል፣ ክዳኑም በደንብ አይገጥምም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ የተሟሟ ጋዝ ነው። ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ጋዙ ይሄዳል፣ 37ቱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የጠርሙሱ ጽሑፍ በፋብሪካው ቀን እውነት ነበር፣ በዛሬው ቀን ግን ግምት ነው። ስሌቱ 0.1 አካባቢ ያደርሳችኋል፤ ሦስተኛዋንና አራተኛዋን አሃዝ የሚሰጣችሁ መለካቱ ነው።

ይህ ደግሞ ሥራውን ያቀልላችኋል። ስታንዳርዳይዝ የምታደርጉት ከሆነ 8.3ን በውድ ፒፔት መቅዳት አያስፈልግም፣ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ይበቃል። በትክክል 0.1000 ለማድረግም ውሃ እየጨመራችሁ፣ አሲድ እየጨመራችሁ አትድከሙ። እኔ አንድ ከሰዓት በዚህ አባክኛለሁ። 0.0968 ከሆነ ጠርሙሱ ላይ 0.0968 ብላችሁ ቀኑን ጻፉና በዚያው አስሉ። ጠንቀቅ የምትሉት ሚዛኑና ቡሬቱ ላይ ነው። አሲዱ የሚለካው በእነሱ ነውና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የላቡ «የአሲድ ሰው» ሆንኩ። አንድ ከኔ በታች ያለ ተማሪ 0.5 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ አንድ ሊትር ሊሠራ ደብተሩን ይዞ መጣ። «አስልቼዋለሁ፣ አንዴ እዪልኝ» አለኝ። 50 ሚሊ ሊትር ይላል። ሳላይ ገባኝ። ጠርሙሱ 98 በመቶ ነው፣ አንድ ሞሉ 98.08 ግራም ነው፤ 980 ለ98.08 ስታካፍሉ 10 ሞላር የምትመስል ውብ ቁጥር ትወጣለች። ማን ይጠረጥራታል? የሰልፈሪክ አሲድ ዴንሲቲ ግን 1.84 ነው። አንድ ሊትሩ 1840 ግራም ይመዝናል፣ 98 በመቶው 1803 ግራም፣ ይህም 18.4 ሞላር ነው። የሚያስፈልገው 27.2 ሚሊ ሊትር ነው። በ50 ቢሠራው ኖሮ 0.92 ሞላር ይሆን ነበር፣ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው። የእኔ አሲድ ከሚገባው በ19 በመቶ ጠንክሮ ነበር፤ የእሱ በ84 በመቶ ሊጠነክር ነው። ያው ስህተት ነው፣ አሲዱ ከበደ እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ቅደም ተከተሉ ቆጣ ብዬ ነው የምናገረው። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ነው የሚገባው። ሰልፈሪክ አሲድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ኃይለኛ ሙቀት ያወጣል። ውሃውን አሲዱ ላይ ካፈሰሳችሁት፣ ውሃው ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፣ እዚያው ይፈላል፣ ፈልቶም አሲዱን ይዞ ወደ ፊታችሁ ይረጫል። አሲዱን ወደ ብዙ ውሃ በቀስታ ስታፈሱት ግን ከባዱ አሲድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሙቀቱንም ያ ሁሉ ውሃ ይካፈለዋል። ማቅጠኑን በቢከር ሥሩት፣ ቢከሩንም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት።

ልጁ 27.2 ሚሊ ሊትሩን ደህና አድርጎ አቀጠነ። ከዚያ ቸኮለና ለብ እንዳለ ወደ ቮሉሜትሪክ ፍላስኩ ገልብጦ እስከ መስመሩ ሞላው። «ነገ ና እየው» አልኩት። ጠዋት ሲመጣ ፈሳሹ ከመስመሩ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል።
«ማን ቀዳብኝ?» አለ፣ ዙሪያውን እያየ።
ማንም አልቀዳበትም፤ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ተሰብስቦ ነው። የፍላስኩ መስመር የሚሠራው ፍላስኩ ላይ ለተጻፈው 20 ዲግሪ ነው። ከውስጡ ገና ምንም ስላልተቀዳ፣ በዲስቲልድ ውሃ እስከ መስመሩ ሞልቶ ገለባበጠው። ቀድቶበት ቢሆን ኖሮ ማትረፊያ አልነበረውም።

ከዚያ ካርቦኔቱ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ምድጃው ውስጥ ነው፣ ጠዋት አስገብቼለታለሁ አልኩት።